መጨረሻውን ሳታወጡ ካለቀ ፊልም ላይ ትሬለር መቁረጥ፦ ከዝግጅት እስከ መልቀቅ

ብዙ ትሬለር የሚበላሸው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ኤዲተሩ ፊልሙን ይከፍታል፣ ደስ ያሉትን ቦታዎች ይለቅማል፣ በፊልሙ ቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል፣ ከስር ሙዚቃ ያስገባል። የሚወጣው ነገር ትሬለር አይደለም፤ የ2 ደቂቃ የታሪክ ማጠቃለያ ነው። ተመልካቹ አይቶ ሲጨርስ «በቃ ገብቶኛል» ይላል። ፊልሙን የሚያይበት ምክንያት እዚያው አለቀ ማለት ነው።

ሌላው ደግሞ መጨረሻው እንዳይታወቅበት ፈርቶ ሁሉንም ይደብቃል። ቆንጆ ቆንጆ ምስል ይመጣል፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ ግን ፊልሙ ስለ ማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም።

ለሁለቱም መፍትሔው የሚጀምረው ከመቁረጥ በፊት ነው። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን እስከ መጨረሻው ድረስ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን። 100 ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም አለን እንበል። አንድ ወጣት ይጠፋል። ፖሊስ ፋይሉን ይዘጋል። እህቱ በራሷ ትፈልገዋለች። መጨረሻ ላይ ወንድሟ በሕይወት እንዳለ፣ ሊገድሉት ከሚፈልጉ ሰዎች የደበቀችውም የገዛ እናታቸው እንደሆነች ይታወቃል። የምንደብቀው ይህንን ነው።

1. ዕቃችሁን አሰናዱ

ያለቀውን ፊልም አንድ ፋይል ብቻ ይዛችሁ አትጀምሩ። ድምፁ ከሙዚቃው ጋር ተቀላቅሎ ከሆነ የትሬለራችሁን ሙዚቃ ልታስገቡ ስትሞክሩ ከንግግሩ ኋላ የፊልሙ ሙዚቃ ይሰማል፣ ሁለቱም ይበላሻሉ። ስለዚህ የሚከተሉትን ጠይቃችሁ ተቀበሉ፦

- ጽሑፍና ሰብታይትል ያልተለጠፈበት የፊልሙ ቅጂ
- ንግግር፣ ሙዚቃና ሌላው ድምፅ ለየብቻ የተቀመጡበት የድምፅ ፋይል
- የቀለም ሥራው ያለቀለት ምስል

ካገኛችሁ የፊልሙን ዋና ፕሮጀክት ቅጂ ብትወስዱ ከሁሉም ይሻላል፤ ፊልሙ ውስጥ ያልገቡ ሾቶችም እዚያ ስላሉ። ግን ቅጂውን ነው። ዋናውን ፕሮጀክት አትንኩ።

ያላችሁ አንድ ፋይል ብቻ ከሆነ ሾት በሾት በእጅ እየቆረጣችሁ ጊዜ አታጥፉ። Premiere Pro ላይ `Scene Edit Detection`፣ DaVinci Resolve ላይ ደግሞ `Scene Cut Detection` የሚባለው ፊልሙን በራሱ ሾት በሾት ይከፋፍልላችኋል። ጨለማ ሲኖችና ቀስ ብለው የሚደበዝዙ መሸጋገሪያዎች ላይ ይሳሳታል፣ እነሱን በዓይናችሁ አስተካክሉ።

ታይምላይኑን ስትከፍቱ ፍሬም ሬቱ ከፊልሙ ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ፊልሙ በሰከንድ በ24 ፍሬም የተሠራ ሆኖ ትሬለሩን በ25 ወይም በ30 ብትከፍቱት ካሜራው በሚዞርባቸው ቦታዎች ላይ ምስሉ ይንገጫገጫል። ይህ ከተቆረጠ በኋላ ለማስተካከል በጣም አድካሚ ነው።

2. የሚደበቀውን ጻፉ፣ ከዚያም ወደሱ የሚመሩትን ጻፉ

ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል። «መጨረሻውን እኔ አውቀዋለሁ፣ አላስገባውም» ይላል። ችግሩ መጨረሻው የሚወጣው በመጨረሻው ሲን ብቻ አለመሆኑ ነው። ለብቻቸው ምንም የማይናገሩ ሦስት ሾቶች አንድ ላይ ሲሆኑ ሁሉን ይናገራሉ።

ወረቀት አውጡና አናቱ ላይ ምስጢሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የኛ፦ «ወንድምየው በሕይወት አለ፣ የደበቀችው እናቱ ናት።» ይህ እንዲያውም ሁለት ምስጢር ነው። ለየብቻ አስቡት። አንዱ ብቻ ቢወጣም ፊልሙ ተጎድቷል።

ከስሩ ደግሞ ፊልሙን ከመጀመሪያው እያያችሁ ወደ ምስጢሩ የሚመራውን ሁሉ ከነደቂቃው መዝግቡ። በኛ ፊልም እንዲህ ይሆናል፦

- 41ኛ ደቂቃ፦ እናትየዋ ለብቻዋ ባለችበት ቤት ሁለት ስኒ ታጥባለች
- 58ኛ ደቂቃ፦ እናትየዋ «ተይው ብዬሻለሁ!» ብላ ልጇን በጥፊ ትመታታለች
- 80ኛ ደቂቃ፦ እህትየዋ የወንድሟን ጃኬት ታገኝና ትለብሰዋለች
- 88ኛ ደቂቃ፦ በሩን ትከፍታለች፣ ወንድሟ ውስጥ ነው
- 92ኛ ደቂቃ፦ ሦስቱ ይተቃቀፋሉ

የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ማንም አያስገባም። ጣጣው ከላይ ያሉት ሦስቱ ናቸው። ስኒዎቹን ተመልከቱ። ፊልሙ ውስጥ ያ ሾት ሌላ ንግግር እየተካሄደ በጎን የሚያልፍ ነገር ነው፣ አብዛኛው ተመልካች ልብ አይለውም። ትሬለር ውስጥ ግን ለብቻው ሲወጣ 2 ሰከንድ ሙሉ ዓይን የሚያርፍበት ሌላ ነገር የለም። ትሬለር ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ «ይህን እየው» ተብሎ የተጠቆመ ያህል ይጎላል። ፊልሙ ውስጥ በደንብ የተደበቀ ፍንጭ ትሬለር ውስጥ ፊት ለፊት ይቆማል።

3. አንዲት ጥያቄ ምረጡ

አሁን ተመልካቹ ትሬለሩን አይቶ ሲነሳ በአእምሮው እንዲቀር የምትፈልጉትን ጥያቄ ጻፉ። አንድ ብቻ። የኛ፦ «ሁሉም ተስፋ የቆረጠበትን ወንድሟን ታገኘው ይሆን?»

«እናትየዋ ምን እየደበቀች ነው?» የሚለውም ሳቢ ይመስላል። አትምረጡት። መልሱን ይዞ የመጣ ጥያቄ ነው። ጥያቄያችሁ የምስጢሩን ባለቤት የሚጠራ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ጥሩ ጥያቄ ፊልሙ የመጀመሪያ ሩብ ላይ ራሱ የሚያነሳው ነው። ለዚህም ነው የትሬለሩ ዋና ነገር ከፊልሙ የፊተኛው ግማሽ መምጣት ያለበት። ከሁለተኛው ግማሽ የምትወስዱት በአብዛኛው እንቅስቃሴ፣ ፊት፣ ቦታ ይሁን፤ ሩጫ፣ ድንጋጤ፣ ባዶ ኮሪደር። መረጃ የያዘ ንግግር ከዚያ አታምጡ።

4. እያያችሁ ልቀሙ፣ ገና አትቁረጡ

ፊልሙን እንደገና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዩ፣ ስታዩም በሦስት ቀለም ማርከር አድርጉ።

አረንጓዴ፦ ጥያቄውን የሚያነሳ ወይም የሚያባብስ፣ ከምስጢሩ ጋር የማይገናኝ። ቢጫ፦ ጠንካራ ሾት ነው፣ ግን ወደ ምስጢሩ ሊመራ ይችላል። ቀይ፦ በምንም መልኩ አይገባም።

አረንጓዴና ቢጫውን ወደ አዲስ ታይምላይን አውጡ። ለ2 ደቂቃ ትሬለር ከ8 እስከ 12 ደቂቃ የሚሆን ምርጫ ይበቃል። 25 ደቂቃ ከወጣላችሁ አልመረጣችሁም ማለት ነው፣ ፊልሙን ነው ያሳጠራችሁት። 4 ደቂቃ ብቻ ከወጣ ደግሞ ከመጠን በላይ ፈርታችኋል። ተመለሱና የሰዎች ፊት ፈልጉ። አንድ ሰው ምንም ሳይናገር አንድ ነገር ሲያይ የሚያሳይ ሾት የትም ቢገባ ይሠራል። እንደዚህ ያለውን በብዛት ሰብስቡ።

5. ቢጫዎቹን በቆመ ምስል መርምሩ

አረንጓዴ ያላችሁትም ቢሆን ይህን ይለፍ፣ ግን ጊዜያችሁን ቢጫዎቹ ላይ አጥፉ። እያንዳንዱን ሾት አቁሙትና ፍሬሙን ከጥግ እስከ ጥግ እዩ። ዛሬ ተመልካቹም ስልኩ ላይ እንደዚያው ነው የሚያደርገው፤ ያቆማል፣ ያሰፋል፣ ስክሪንሾት አንስቶ ለጓደኛው ይልካል።

የሚያጋልጡት ብዙ ጊዜ ሰዎቹ አይደሉም፣ የለበሱትና ከኋላቸው ያለው ነው። ቁስል፣ ፋሻ፣ የታሰረ እጅ፣ ቀለበት፣ የተላጨ ፀጉር፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ። አንድ ገጸ ባሕርይ አደጋ ላይ ወድቆ እያሳያችሁ ቀጥሎ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ይዞ ብታሳዩት ከአደጋው እንደተረፈ ነገራችሁ ማለት ነው።

ወደ ምሳሌያችን። 88ኛው ደቂቃ ላይ የእህትየዋ እጅ ወደ በሩ እጀታ ቀስ ብሎ ሲሄድ የሚያሳይ ሾት አለ። በጣም ያምራል፣ ትሬለሩ ያለሱ አይሆንም። በሩ ገና ስላልተከፈተ ችግር የለውም ትላላችሁ። ግን ፍሬሙን አቁሙት። የለበሰችው የወንድሟን ጃኬት ነው። ትሬለሩ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ወንድሟ ያንኑ ጃኬት ለብሶ ከቤት ሲወጣ ልናሳይ ነው። ሁለቱን ያያያዘ ሰው እሱ የነበረበት ቦታ እንደደረሰች ያውቃል።

ሾቱን አንጥለውም፣ እናጠብበዋለን። ምስሉን አስፍተን እጅጌው ከፍሬሙ እስኪወጣ ድረስ እንገፋዋለን፤ ጣቶቿና እጀታው ብቻ ይቀራሉ። የፊልሙ ቅጂ 4ኬ ሆኖ ትሬለሩ ኤችዲ ከሆነ እጥፍ ብታሰፉት እንኳ ጥራቱ አይነካም። ሁለቱም ኤችዲ ከሆኑ ግን ከ120 በመቶ በላይ ስትሄዱ ምስሉ መላላት ይጀምራል። ያን ጊዜ ሾቱን አጨልሙት ወይም አሳጥሩት፤ 12 ፍሬም ብቻ የሚቆይ ሾት ላይ እጅጌ የሚያይ ሰው ጥቂት ነው፣ ካቆመው ግን ያየዋል። ስለዚህ ማጥበቡን አስቀድሙ።

ጥፊውስ? ጠንካራ ቅጽበት ነው፣ ግን እናትየዋ የሆነ ነገር እንደምታውቅ ይጮኻል። ከጥፊው በኋላ ያለውን ብቻ ውሰዱ፦ የእህትየዋ ፊት ወደ ጎን ዞሮ፣ ፀጉሯ ዓይኗ ላይ ወድቆ። ማን እንደመታት አይታይም። ድምፁን ግን ጣሉት፤ እናትየዋ ሌላ ቦታ ላይ ከተናገረች ተመልካቹ ድምፅዋን ይለየዋል።

ስኒዎቹ ይጣላሉ። የሚያስተካክላቸው ነገር የለም።

6. መጀመሪያ በጆሮ ቁረጡ

ምስሉን እርሱትና ከምርጫችሁ ውስጥ ንግግሮቹን ብቻ ደርድሩ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስትሰሙት ታሪኩ ማን ላይ እንደሆነ፣ ምን እንደጎደለውና ምን እንደሚከለክለው መግባት አለበት። ለ2 ደቂቃ ትሬለር ከ30 እስከ 40 ሰከንድ ንግግር ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ሙዚቃውም ምስሉም መተንፈሻ ያጣሉ።

እዚህ ደረጃ ላይ ያለው ትልቁ ዘዴ መልሱን መቁረጥ ነው። ጥያቄውን አስገቡ፣ የተጠየቀውን ሰው ፊት አሳዩ፣ ሊመልስ ትንፋሹን ሲስብ ቁረጡ። ቃል ከጀመረ በኋላ ከቆረጣችሁ የተበላሸ ፋይል ይመስላል። ከትንፋሹ በፊት ከቆረጣችሁ ደግሞ መልስ እንደነበረ አይታወቅም። ትንፋሹ መሰማት አለበት።

በአማርኛ ስንቆርጥ ደግሞ አንድ የሚጠቅመን ነገር አለ። ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ዓረፍተ ነገሩን ከግሱ በፊት ብታቆሙት ተንጠልጥሎ ይቀራል። «ወንድምሽን ለመጨረሻ ጊዜ ከእኛ ሰፈር ሰው ጋር...» ብሎ የሚቆም ንግግር «አየሁት» ይሁን «አላየሁትም» አይታወቅም። ይህንን አንዴ ተጠቀሙበት። ደጋግማችሁ ከተጠቀማችሁበት ግን ተመልካቹን ያናድዳል።

አንድ ጥያቄ ከአንድ ሲን፣ የሚያዳምጥ ፊት ከሌላ ሲን አምጥታችሁ ማገናኘትም ይቻላል። ሁሉም የሚያደርገው ነገር ነው። ስታደርጉት የክፍሉን ድምፅ አስተካክሉ፤ አንዱ ውጭ፣ አንዱ ቤት ውስጥ የተቀዳ ከሆነ ቁርጡ ላይ የኋላው ድምፅ ይዘላል። ከሁለቱ ስር አንድ ወጥ የአካባቢ ድምፅ አንጥፉ። ወሰኑ ግን ይታወቅ፤ ፊልሙ ውስጥ የሌለ ታሪክ አትፍጠሩ። ፍቅር የሌለበትን ፊልም የፍቅር ፊልም አስመስሎ መቁረጥ ተመልካቹን ማታለል ነው፣ ተመልካቹም ይህንን አይረሳም።

7. ሙዚቃውን አንጥፉ፣ መጨረሻው ላይ ያለውን ሙዚቃ ግን ተዉት

ቀስ ብሎ የሚጀምር፣ መሃል ላይ የሚነሳ፣ ጫፍ ደርሶ ድንገት መቆም የሚችል ሙዚቃ ፈልጉ። የፊልሙን ሙዚቃ የምትጠቀሙ ከሆነ የመጨረሻውን ሲን ሙዚቃ አትውሰዱ። የሚያጽናና ዜማ ከሆነ «በደህና ያልቃል» ይላል፣ ለቅሶ ከሆነ ደግሞ «ሞቷል» ይላል። ምስሉን እየደበቁ በሙዚቃ የሚያወጡ ብዙ ናቸው።

ፈቃዱን አሁን አረጋግጡ። ለፊልሙ የተገዛ የሙዚቃ ፈቃድ ለትሬለር ላያገለግል ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ለማስታወቂያ ሥራ ተብሎ ለብቻው ይጠየቃል። በተቆረጠ ትሬለር ላይ ሙዚቃ መቀየር ማለት እንደ አዲስ መቁረጥ ነው።

ሙዚቃው ላይ ጎላ ያሉ ምቶችን ማርከር አድርጉ። ሁሉንም ቁርጥ ምት ላይ አታሳርፉ፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ ስለሚታወቅ ይሰለቻል። ዋናዎቹን ምቶች ለትልልቅ ቅጽበቶች አስቀምጡ፣ ሌላው ንግግሩን ይከተል።

8. ደርድሩ

የኛ ትሬለር 1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ነው። እንዲህ ይሄዳል፦

ከ0:00 እስከ 0:22፦ እህትና ወንድም ኩሽና ውስጥ ይሳሳቃሉ (3ኛ ደቂቃ)። ወንድምየው ጃኬቱን ለብሶ ይወጣል (6ኛ ደቂቃ)። ሙዚቃ የለም ማለት ይቻላል። በሩ ሲዘጋ ድምፁ ብቻውን ይሰማ። እዚህ አትቸኩሉ። ተመልካቹ ሁለቱን አብረው ካላየ ፍለጋዋ አይሰማውም።

ከ0:22 እስከ 0:45፦ ፖሊስ ጣቢያ (14ኛ ደቂቃ)። «ፋይሉ ተዘግቷል።» እሷም «ሰው እንዴት ይዘጋል?» ትላለች። ሙዚቃው ከዚህ ንግግር በኋላ ይግባ። ጥያቄያችን እዚህ ቦታ ላይ ተነስቷል።

ከ0:45 እስከ 1:15፦ ፍለጋው። ባዶ መኝታ ቤት፣ ኪሱ ውስጥ የተገኘ ቁልፍ (22ኛ ደቂቃ)፣ የማታውቃቸው ሰዎች በር ላይ፣ የተቆረጠው መልስ፣ ከጥፊው በኋላ ያለው ፊቷ። እናትየዋ እዚህ አንዴ ትታይ፤ መስኮት አጠገብ ቆማ ውጭውን ስታይ፣ ልጇን የምትጠብቅ እናት ሆና። ጨርሶ ብትጠፋ ፊልሙን ያዩ ሰዎች «ለምን ደበቋት?» ይላሉ፣ ያላዩትም ይጠረጥራሉ። ምስጢሩን የያዘውን ሰው በተለመደ ቦታው አሳዩትና እለፉ።

ከ1:15 እስከ 1:35፦ ፍጥነት። 20 ገደማ ሾት፣ የመጀመሪያዎቹ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል፣ የመጨረሻዎቹ ግማሽ ሰከንድ። ቅደም ተከተሉን አፍርሱት። 73ኛው ደቂቃ ላይ ደረጃ ስትወርድ የምትሮጠውን ከ30ኛው ደቂቃ ጋር ቀላቅሉት። በፊልሙ ቅደም ተከተል ከተዋቸው ተመልካቹ የሁለተኛውን ግማሽ ካርታ ያነባል። ስታፈርሱ ግን ልብሷንና ቁስሏን ተከታተሉ፤ እነሱ ናቸው ቅደም ተከተሉን መልሰው የሚነግሩት።

ከ1:35 እስከ 1:41፦ ሙዚቃው በአንዴ ይቁም። ጣቶቿ ወደ እጀታው። ትንፋሽዋ ብቻ። እጀታው መዞር ሲጀምር ጨለማ። በሩ አንድ ፍሬም እንኳ መከፈት የለበትም፣ ከስንጥቁ የሚወጣ ብርሃን ውስጥ ሰው እንዳለ ይናገራል።

ከ1:41 እስከ 1:45፦ የፊልሙ ርዕስ።

ከ1:45 እስከ 1:50፦ ከርዕሱ በኋላ የምትመጣ አጭር ነገር። የኛ ከ30ኛው ደቂቃ የተወሰደች፣ ወንድምየው ከመጥፋቱ በፊት ስልኳ ላይ የተወው የድምፅ መልእክት ናት፦ «ዛሬ አመሻለሁ፣ በሩን አትቆልፊው።» ከመጥፋቱ በፊት የተቀዳ ስለሆነ በሕይወት መኖሩንም መሞቱንም አትነግርም። በዚህ ቦታ አዲስ መረጃ ለማስገባት አትፈተኑ። ብዙ ትሬለር የሚፈነዳው እዚህች 5 ሰከንድ ላይ ነው።

በመሃል የምትጽፏቸው ጽሑፎች ካሉ እነሱንም ከምስጢሩ ወረቀት ጋር አስተያዩ። «እውነቱ ከቤት አይርቅም» የሚል ጽሑፍ አሪፍ ይመስላል። እናትየዋን በጣት እንደመጠቆም ነው።

9. ፊልሙን ላላዩ ሰዎች አሳዩ

እናንተ ከእንግዲህ መፍረድ አትችሉም፣ መጨረሻውን ታውቃላችሁ። ፊልሙን ያላዩና ስለሱም ያልሰሙ 5 ሰዎች ፈልጉ። ለየብቻ አሳዩአቸው፣ አብረው ካዩ አንዱ የሌላውን ሐሳብ ይወስዳል። አንዴ ብቻ አጫውቱና ይህን ጠይቁ፦

1. ፊልሙ ስለ ምን ይመስልሃል?
2. ምን ማወቅ ትፈልጋለህ?
3. እንዴት የሚያልቅ ይመስልሃል? ለምን?

ሦስተኛው ላይ «ለምን» የሚለውን አትርሱ። ሰው በደፈናው ገምቶ ሊያገኝ ይችላል፣ ያ ከእናንተ የመጣ ችግር አይደለም። «እናትየዋ ናት፣ ምክንያቱም መስኮቱ ጋ ስትቆም አስተያየቷ...» ካለ ግን ሾቱን ነገራችሁ። ሁለት ሰው አንድ ሾት ከጠቀሰ ያ ሾት ይወጣል፣ ምንም ያህል ብትወዱት።

ከዚያ ለአንድ ፊልሙን ላየ ሰው አሳዩ። እሱን የምትጠይቁት ሌላ ነገር ነው፦ ይህ ትሬለር ያየኸውን ፊልም ነው ወይ?

10. ካልሠራ

*መጨረሻውን አገኙት፣ ግን የትኛው ሾት እንደሆነ መናገር አልቻሉም።* ችግሩ የሾቶቹ አጠገብ ለአጠገብ መሆን ነው። ምስጢሩን የያዘው ሰው ከታየ በኋላ ወዲያው የሚመጣውን ሾት እዩ። የኛ ትሬለር ላይ ከጥፊው ፊት ቀጥሎ እናትየዋ ከመጣች ተመልካቹ ራሱ ያገናኛቸዋል። መካከላቸውን ቢያንስ 15 ሰከንድ አራርቁና እንደገና ሞክሩ።

*ስለ ምን እንደሆነ አልገባቸውም።* ከፊት አስፉ፣ ከኋላ አትጨምሩ። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው አንድ ግልጽ ንግግር ነው፤ «ወንድሜ ከጠፋ ሦስት ሳምንቱ ነው» ያለ። እንደዚህ ያለ ዓረፍተ ነገር ፊልሙ ውስጥ ከሌለ በጽሑፍ አስገቡት።

*ገብቷቸዋል፣ ግን ማየት አላማራቸውም።* ሁለተኛውን ጥያቄ እንዴት እንደመለሱ ተመልከቱ። «ምንም» ካሉ የሆነ ቦታ ላይ መልሱን ሰጥታችኋል። ጥያቄ ከተነሳ በኋላ የሚያረጋጋ ነገር፣ ለምሳሌ ፈገግታ ወይም ማቀፍ፣ ገብቶ እንደሆነ ፈልጉና አውጡት።

*ዳይሬክተሩ ወይም ፕሮዲዩሰሩ የመጨረሻውን ሲን ካላስገባችሁ አለ።* ብዙ ገንዘብ የወጣበት ሲን መጨረሻ ላይ ሲሆን ይህ ይመጣል። አትከራከሩ፣ ሁለት ስሪት ቆርጣችሁ እንደ 5ቱ ፊልሙን ላላዩ አዲስ ሰዎች አሳዩና መልሳቸውን አቅርቡ። የግድ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከመከሰቱ በፊት ያሉትን ሰከንዶች ስጡት፦ ቦታውን፣ መብራቱን፣ ወደዚያ የሚሄደውን ሰው ጀርባ። ውጤቱን ሳይሆን መቃረቡን።

11. ስትለቁት

ድምፁን በመጨረሻ አስተካክሉ። ኦንላይን ለሚለቀቅ አማካይ ጩኸቱ በድምፅ መለኪያው ወደ -14 LUFS አካባቢ ቢሆን በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ብታጮኹት ዩቲዩብ ራሱ ዝቅ ያደርገዋል። በስልክ ስፒከርም ስሙት፣ ብዙው ሰው የሚሰማው በዚያ ነው። የእህትየዋ ትንፋሽ በስልክ ካልተሰማ ከፍ አድርጉት።

ሰብታይትል ካስገባችሁ የተቆረጠውን ንግግር አብራችሁ ቁረጡ። ተዋናዩ ሳይጨርስ ሰብታይትሉ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር አውጥቶ የሚያሳይ ትሬለር ሞልቷል፤ ሰብታይትሉ ከፊልሙ ፋይል እንዳለ ስለተቀዳ ነው።

ትሬለሩ ከመከፈቱ በፊት የሚታየውን የፊት ምስል በእጃችሁ ምረጡ፤ ካልመረጣችሁ ከውስጡ አንዱን ፍሬም መድረኩ በራሱ ይመርጥላችኋል። የኛ ወንድምየው የሌለበት፣ እህትየዋ ቁልፉን ይዛ የቆመችበት ይሁን። ከስር የሚጻፈውን ማብራሪያም የተዋናዮቹን ዝርዝር ጨምሮ ከምስጢሩ ወረቀት ጋር አስተያዩት፤ «የተደበቀው ወንድም» ተብሎ የተጻፈ የገጸ ባሕርይ ስም ካለ አሁኑኑ አጥፉት።